የግንባታ ውል ገቢ በሥራው ሂደት ሲመዘገብ፦ ከክፍያ ሰርተፍኬት እስከ መያዣ ገንዘብ

የሒሳብ ዓመቱ ሲዘጋ በሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይደረደራሉ። አንደኛው ድርጅቱ በእርግጥ የሠራው ሥራ ዋጋ ነው። ሁለተኛው አማካሪ መሐንዲሱ ፈርሞ ያጸደቃቸው የክፍያ ሰርተፍኬቶች ድምር ነው። ሦስተኛው ባንክ የገባው ገንዘብ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል የሚሆኑት ሥራው አልቆ፣ የመጨረሻው ርክክብ ተፈጽሞ፣ አሠሪው የያዘው ገንዘብ ሁሉ ሲለቀቅ ነው። እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ መጨረሻ ልዩነታቸውን በትክክለኛው የሒሳብ መደብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ይህ መመሪያም የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው።

መሠረቱ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 15 የተባለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ነው። ይህ ደረጃ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል የቀድሞውን የግንባታ ውሎች ደረጃ፣ አይ.ኤ.ኤስ. 11ን ተክቷል። የአሮጌውን ደረጃ ልማድ ይዘው የቀጠሉ የሒሳብ ክፍሎች ዛሬም አይጠፉም፤ በተለይ በኪሳራ ውል አመዘጋገብ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሁሉንም እርምጃ በአንድ ውል ላይ እናስኬደው። የውሉ ዋጋ ከታክስ በፊት 60 ሚሊዮን ነው። ተቋራጩ መጀመሪያ ላይ የገመተው ጠቅላላ ወጪ 50 ሚሊዮን ነው። ግንባታው ሦስት የሒሳብ ዓመታትን ይነካል። አሠሪው ከእያንዳንዱ ሰርተፍኬት 10 በመቶ መያዣ ይቀንሳል፤ ግማሹን በጊዜያዊ ርክክብ፣ ቀሪውን ግማሽ ከ12 ወር የጉድለት ማረሚያ ጊዜ በኋላ በመጨረሻው ርክክብ ይለቃል። ከዚህ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በሚሊዮን ናቸው።

## እርምጃ 1፦ ገቢው በሂደት መመዝገብ እንዳለበት ማረጋገጥ

ግንባታ ስለሆነ ብቻ ገቢው በሂደት ይመዘገባል ማለት አይደለም። ደረጃው ሦስት መስፈርቶችን ያስቀምጣል፤ አንዱ ከተሟላ ይበቃል። በአሠሪው መሬት ላይ ለሚሠራ ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሟላው ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም ተቋራጩ የሚሠራው ንብረት ገና እየተሠራ ሳለ በአሠሪው ቁጥጥር ሥር መሆኑ ነው። ዛሬ የተሞላው ምሰሶ ዛሬውኑ የአሠሪው ነው፤ ተቋራጩ ውሉን አቋርጦ ቢሄድ ነቅሎ አይወስደውም።

በራሱ መሬት ላይ አፓርታማ እየሠራ የሚሸጥ አልሚ ግን በዚህ መንገድ አያልፍም። እሱ ማሳየት ያለበት ሦስተኛውን መስፈርት ነው። ቤቱን ለሌላ ገዥ ማዞር የማይችል መሆን አለበት፤ ገዥው ያለ አልሚው ጥፋት ውሉን ቢያቋርጥም እስከዚያ ለተሠራው ሥራ ተመጣጣኝ ዋጋ በሕግ የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይገባል። ያ ከሌለ ገቢው የሚመዘገበው ቤቱ ሲተላለፍ ነው።

ቁፋሮውን፣ የኮንክሪት ሥራውንና የማጠናቀቂያ ሥራውን እያንዳንዳቸውን እንደ ተለየ ግዴታ መቁጠርም አይገባም። አሠሪው የገዛው አንድ የተጠናቀቀ ሕንፃ ነው፤ እነዚህ ሥራዎች ደግሞ እርስ በርስ የተሳሰሩ ስለሆኑ እንደ አንድ ግዴታ ይለካሉ።

## እርምጃ 2፦ የሥራውን ደረጃ መለካት

ብዙዎች እዚህ ላይ አቋራጭ ይፈልጋሉ። «መሐንዲሱ ያጸደቀው ሰርተፍኬት እያለ ምን ልኬት ያስፈልጋል? የጸደቀው ገቢ ይሁን» ይላሉ። ሰርተፍኬቱ ለደንበኛው ከተላለፈው ዋጋ ጋር በቀጥታ የሚመጣጠን ከሆነ ደረጃው ይህን ይፈቅዳል። የግንባታ ሰርተፍኬት ግን ብዙ ጊዜ አይመጣጠንም። ተቋራጩ ጨረታ ሲሞላ በመጀመሪያ ለሚሠሩት ሥራዎች፣ ለካምፕ ማቋቋሚያና ለቁፋሮ፣ ከፍ ያለ ነጠላ ዋጋ ሰጥቶ በመጨረሻ የሚመጡትን ዝቅ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን ቀደም ብሎ ለማግኘት የሚደረግ የታወቀ ዘዴ ነው። እንዲህ ያለ ውል በሰርተፍኬት ከተለካ የመጀመሪያው ዓመት በትርፍ ያብጣል፤ የመጨረሻው ዓመት ደግሞ ይከስራል። ከዚህም ሌላ ዓመቱ ከማለቁ ሦስት ሳምንት በፊት የተለካ ሰርተፍኬት ከዚያ በኋላ የተሠራውን አያውቅም።

ስለዚህ በእኛ ምሳሌ የምንጠቀመው የወጪ ንጽጽር ነው፤ እስካሁን የወጣው ወጪ ለጠቅላላው የሚጠበቅ ወጪ ይካፈላል።

```
የአፈጻጸም መቶኛ = እስካሁን የወጣ ወጪ ÷ የሚጠበቅ ጠቅላላ ወጪ
እስካሁን ያለ ገቢ = የአፈጻጸም መቶኛ × የውል ዋጋ
የዓመቱ ገቢ    = እስካሁን ያለ ገቢ − ባለፉት ዓመታት የተመዘገበ ገቢ
```

ስሌቱ ቀላል ነው። ድካሙ ያለው «እስካሁን የወጣ ወጪ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የምሳሌያችን ተቋራጭ መዝገብ 16 ሚሊዮን ወጪ ያሳያል። ይህን ቁጥር እንደወረደ ከመውሰድ በፊት ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ።

የመጀመሪያው ብክነት ነው። በምሳሌያችን ከመሠረቱ የተወሰነው ክፍል በተቋራጩ ጥፋት ከሚፈለገው ጥንካሬ በታች ሆኖ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል፤ የፈረሰው ክፍል 1.0 ሚሊዮን ፈጅቷል። ይህ ወጪ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ይመዘገባል፤ ሥራውን ወደፊት ስላላራመደው ግን በመቶኛው ስሌት ውስጥ አይገባም። ካስገባነው ተቋራጩ ባበላሸ ቁጥር ገቢው ከፍ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ለልኬት የሚቀርበው 15 ሚሊዮን ነው። 50 ሚሊዮኑም ይህን ብክነት አልያዘም።

ሁለተኛው የንዑስ ተቋራጮች ሥራ ነው። እዚህ ስህተቱ ወደ ታች ነው። ተቋራጩ ራሱ ከንዑስ ተቋራጮቹ መያዣ ይይዛል፤ አንዳንድ የሒሳብ ክፍልም የከፈለውን ብቻ ወጪ ያደርጋል። የተሠራው ሥራ የ2 ሚሊዮን ከሆነና 0.2 ሚሊዮን ከተያዘ፣ ወጪው 2 ሚሊዮን ነው፤ 0.2ው ለንዑስ ተቋራጩ የሚከፈል ዕዳ ነው። ተሠርቶ ደረሰኝ ያልቀረበበት ሥራም በዓመቱ መጨረሻ በቦታው ላይ ተለክቶ መግባት አለበት። በዚህ የተነሳ የተዘለለ ወጪ መቶኛውን ስለሚያወርድ ገቢንም አብሮ ያሳንሳል።

ሦስተኛው ቦታው ላይ ደርሶ ገና ያልተገጠመ ውድ ዕቃ ነው። ለጊዜው በምሳሌያችን እንዲህ ያለ ዕቃ የለም እንበልና እንቀጥል፤ በዚህ ርዕስ ላይ ከዚህ በታች ለብቻው እንቆያለን።

እንግዲህ 15 ለ50 ሲካፈል 30 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ገቢ 60 × 30 በመቶ፣ ማለትም 18 ሚሊዮን ይሆናል። ወጪው ከነብክነቱ 16 ሚሊዮን ስለሆነ የዓመቱ ትርፍ 2 ሚሊዮን ነው።

### አሳንሰሩ ቦታው ላይ ቆሞ ሲገኝ

አሁን ምሳሌውን ትንሽ እንለውጠው። ከ15 ሚሊዮኑ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ ተቋራጩ ቀድሞ ከአምራች የገዛቸው አሳንሰሮች ዋጋ ነው እንበል። በሣጥን እንደታሸጉ በአሠሪው ግቢ ተቀምጠዋል፤ ባለቤትነታቸው ለአሠሪው ተላልፏል፤ የሚገጠሙት ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ተቋራጩ አልነደፋቸውም፣ አልሠራቸውም፤ ገዝቶ አቀረበ እንጂ።

6 ሚሊዮኑን ከሌላው ወጪ ጋር ደምረን 30 በመቶ ብንል፣ ለግዢ ብቻ የግንባታ ትርፍ ሰጠን ማለት ነው። ደረጃው እንዲህ ባለ ጊዜ ለዕቃው ገቢ የሚመዘገበው በገዛበት ዋጋ ልክ፣ ያለ ትርፍ እንዲሆን ይላል። ስለዚህ አሳንሰሮቹን ከላይም ከታችም እናወጣቸዋለን። 15 ሲቀነስ 6 ያለው 9፣ 50 ሲቀነስ 6 ላለው 44 ሲካፈል 20.45 በመቶ ነው። ከውሉ ዋጋም 6 ሲቀነስ 54 ይቀራል። የ54 ሚሊዮኑ 20.45 በመቶ 11.05 ያህል ነው፤ የአሳንሰሮቹ 6 ሲደመርበት የዓመቱ ገቢ 17.05 ሚሊዮን ይሆናል። ከ18 ጋር ያለው ልዩነት 0.95 ሚሊዮን ነው፤ ከዓመቱ የ2 ሚሊዮን ትርፍ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ይህ የሚሠራው ዕቃው ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ትልቅ ሲሆንና ከመገጠሙ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ወደ አሠሪው ቁጥጥር ሲገባ ነው። ለተከመረ ሲሚንቶና ለብረት ሌላ መልስ አለ። ለየትኛውም ሥራ ሊውሉ የሚችሉና ገና በተቋራጩ ቁጥጥር ሥር ያሉ ዕቃዎች የተቋራጩ የመጋዘን ክምችት ናቸው፤ ከመጀመሪያውም የውሉ ወጪ ውስጥ አይገቡም።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ምሳሌ፣ አሳንሰር ወደሌለበትና ገቢው 18 ሚሊዮን ወደሆነበት እንመለስ።

## እርምጃ 3፦ ሰርተፍኬቱንና መያዣውን መመዝገብ

በመጀመሪያው ዓመት መሐንዲሱ ያጸደቃቸው ሰርተፍኬቶች ድምር 15.0 ሚሊዮን ነው። ከዚህ 10 በመቶ፣ 1.5 ሚሊዮን፣ ለመያዣ ተቀንሶ አሠሪው እንዲከፍል የተጠየቀው 13.5 ሚሊዮን ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የከፈለው 11.0 ሚሊዮን ነው።

ገቢው የሚመዘገበው በሥራው እንጂ በሰርተፍኬቱ አይደለም። ስለዚህ ምዝገባው በሁለት ደረጃ ይከናወናል።

```
ዴቢት   የውል ሀብት          18.0
       ክሬዲት  የግንባታ ገቢ           18.0

ዴቢት   ተሰብሳቢ ሒሳብ        13.5
       ክሬዲት  የውል ሀብት            13.5
```

ሁለተኛው ምዝገባ ገቢን አይነካም፤ የነበረውን መብት ከአንድ መደብ ወደ ሌላ ያዛውራል እንጂ። ተሰብሳቢ ሒሳብ ማለት ከጊዜ ማለፍ በቀር ምንም ሌላ ቅድመ ሁኔታ የሌለበት መብት ነው። ሰርተፍኬቱ ጸድቋል፤ የመክፈያው ቀን ብቻ ይጠበቃል። የውል ሀብት ደግሞ ሌላ ነገር እስኪሟላ የሚጠብቅ መብት ነው። ያልተለካው ሥራ ሰርተፍኬት ይጠብቃል፤ መያዣው ደግሞ ተቋራጩ ሕንፃውን ያለ ጉድለት እስኪያስረክብ ይጠብቃል። 1.5 ሚሊዮኑ በውል ሀብት ውስጥ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ተሰብሳቢው 13.5 ሲቀነስ 11.0፣ ማለትም 2.5 ነው። የውል ሀብቱ 18.0 ሲቀነስ 13.5፣ ማለትም 4.5 ነው። ይህ 4.5 ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው፤ 3.0 ሚሊዮኑ ተሠርቶ ሰርተፍኬት ያልወጣለት ሥራ ሲሆን 1.5 ሚሊዮኑ መያዣ ነው። በዋናው መዝገብ አንድ መደብ ቢሆንም በውስጥ ለሁለቱ የተለያየ ንዑስ ሒሳብ መክፈት እመክራለሁ። የሚንቀሳቀሱበት ምክንያትም ፍጥነትም የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው በሚቀጥለው ሰርተፍኬት መውጣት አለበት፤ ሁለተኛው እስከ ርክክብ ያድጋል። 3.0 ሚሊዮኑ ከሁለትና ከሦስት ሰርተፍኬት በኋላም ካልወጣ፣ ወይ መሐንዲሱ የማይቀበለው ሥራ አለ፣ ወይ ያልጸደቀ ተጨማሪ ሥራ በገቢ ውስጥ ገብቷል።

መያዣን በተመለከተ ደጋግመው የሚታዩ ሁለት ስህተቶች አሉ። አንዱ ገቢን ከመያዣ በኋላ መመዝገብ ነው፤ ገና ስላልተከፈለ ገቢ አይደለም ከሚል አስተሳሰብ የመጣ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የዓመቱ ገቢ ከሰርተፍኬቶቹ ድምር በትክክል 90 በመቶ ሆኖ ይገኛል። ሌላው መያዣን ከተሰብሳቢ ጋር መቀላቀል ነው። ያኔ የተሰብሳቢ ሒሳቦች የዕድሜ ዝርዝር ሲወጣ መያዣው «ከ180 ቀን በላይ የዘገየ» ተብሎ ይቀርባል፤ አሠሪው ግን ምንም አላዘገየም። በዚያ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ የሚሰላው የብድር ኪሳራ መጠባበቂያም የተሳሳተ ይሆናል። የውል ሀብትም ቢሆን በአይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 9 መሠረት ለሚጠበቅ የብድር ኪሳራ ይገመገማል፤ የሚገመገመው ግን በራሱ ባሕርይ ነው።

መያዣ ለዓመታት ስለሚቆይ ወለዱ መሰላት የለበትም ወይ የሚል ጥያቄም ይነሳል። መያዣው የሚያዘው አሠሪውን ከተቋራጩ ጉድለት ለመጠበቅ ከሆነ ደረጃው በውስጡ የብድር ክፍል አለ ብሎ አያየውም፤ ስለዚህ ወደ አሁን ዋጋ መመለስ አያስፈልግም። አሠሪው በመያዣ ስም ለራሱ ብድር የሚያገኝበት፣ መጠኑም ከተለመደው እጅግ የበለጠ ውል ከሆነ ግን መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

ተቋራጩ የቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ከሆነ ያ ገንዘብ በመጀመሪያ የውል ዕዳ ነው። ከየሰርተፍኬቱ የሚቀነሰው የቅድሚያ ክፍያ መመለሻ ከመያዣ ጋር እንዳይምታታ፤ አንዱ ቀድሞ የተወሰደ ገንዘብ ነው፣ ሌላው ገና የሚመጣ።

## እርምጃ 4፦ ግምቱ ሲለወጥ

በሁለተኛው ዓመት የብረት ዋጋ ጨመረ እንበል፤ ውሉም የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ የለውም። በዓመቱ መጨረሻ የሚጠበቀው ጠቅላላ ወጪ ከ50 ወደ 54 ሚሊዮን ወጣ። በዓመቱ የወጣው ወጪ 25.5 ሚሊዮን ነው፤ ከቀድሞው 15 ጋር 40.5 ይሆናል። መቶኛው 40.5 ለ54፣ ማለትም 75 ነው። እስካሁን ያለው ገቢ 45 ሚሊዮን፣ የዓመቱ ገቢ 45 ሲቀነስ 18፣ 27 ሚሊዮን ነው። ትርፉም 27 ሲቀነስ 25.5፣ 1.5 ሚሊዮን ብቻ ነው።

የሁለተኛው ዓመት ትርፍ የቀነሰው በዚያ ዓመት ሥራ ምክንያት ብቻ አይደለም። አዲሱ ግምት ያለፈውንም ዓመት ይነካል፤ በ54 ሚሊዮን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ዓመት መቶኛ 27.8፣ ገቢውም 16.67 ሚሊዮን ነበር። የ1.33 ሚሊዮኑ ልዩነት በሁለተኛው ዓመት ገቢ ላይ ተቀንሷል። ያለፈው ዓመት መግለጫ ግን ተከፍቶ አይስተካከልም፤ ይህ የግምት ለውጥ ነው። የብረቱ ጭማሪ ያለፈው ዓመት መግለጫ ከመጽደቁ በፊት ይታወቅ ከነበረና ችላ ከተባለ ግን ስህተት ይሆናል፤ ስህተት ወደኋላ ተመልሶ ይታረማል። ኦዲተሮች በዚህ ነጥብ ላይ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ነገር የግዢ ማዘዣዎቹ ቀን ነው።

የሒሳብ ክፍሉ የ50 ሚሊዮኑን ግምት ሳያድስ ቢያሰላ መቶኛው 81፣ ገቢው 48.6 ይሆን ነበር። 3.6 ሚሊዮን ያልተሠራ ሥራ ገቢ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያጋልጠው የትርፍ ምጣኔው ነው። በሁሉም ወራት አንድ ዓይነት ሆኖ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ወራት በድንገት የሚወድቅ ውል፣ ግምቱ ከጨረታው ቀን ጀምሮ ያልታደሰ ውል ነው። የቀሪውን ሥራ ወጪ በየሩብ ዓመቱ ከመጀመሪያው የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ተነስቶ መሥራት ያለበት የቦታው መሐንዲስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ከበጀቱ ላይ የወጣውን ቀንሶ «ቀሪ ወጪ» ካለ ግምት አልሠራም፤ የበጀቱን ቁጥር መልሶ ጻፈ እንጂ።

ወጪው ከዚህም አልፎ 63 ሚሊዮን ደርሶ ቢሆንስ? ውሉ የኪሳራ ውል ሆነ ማለት ነው። መቶኛው 64.29፣ እስካሁን ያለው ገቢ 38.57፣ ከ40.5 ወጪ ጋር ሲነጻጸር 1.93 ሚሊዮን ኪሳራ ታይቷል። የውሉ ጠቅላላ ኪሳራ ግን 3 ሚሊዮን ነው። ቀሪው 1.07 ሚሊዮን ሥራው እስኪሠራ አይጠበቅም፤ አሁኑኑ በአይ.ኤ.ኤስ. 37 መሠረት በመጠባበቂያነት ይመዘገባል። በአሮጌው ደረጃ ይህ በግንባታ ሒሳቡ ውስጥ ይቀነስ ነበር፤ አሁን ራሱን የቻለ ዕዳ ነው፤ ከውል ሀብት ጋርም ተጣፍቶ አይቀርብም።

## እርምጃ 5፦ ሰርተፍኬቱ ሥራውን ሲቀድም

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ወደ 54 ሚሊዮኑ ግምት ተመልሰን፣ የሰርተፍኬቶቹ ድምር 47.0 ሚሊዮን ደርሷል። የተሠራው ሥራ 45.0 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወደኋላ የቀረው ሰርተፍኬት አሁን ሥራውን በ2.0 ሚሊዮን ቀድሞታል። በሌላ በኩል የተያዘው መያዣ 4.7 ሚሊዮን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮች ለማሳየት የሚቸኩል ብዙ ነው፤ 2.0 የውል ዕዳ፣ 4.7 የውል ሀብት። ግን የመለኪያው አሃድ ውሉ ነው። በአንድ ውል ውስጥ ያሉ መብቶችና ግዴታዎች ተጣፍተው አንድ የተጣራ ቁጥር ይሆናሉ። 4.7 ሲቀነስ 2.0፣ 2.7 ሚሊዮን የውል ሀብት። በሌላ መንገድ ቢሰላም ያው ነው፤ 45.0 ገቢ ሲቀነስ ከመያዣ በኋላ የተጠየቀው 42.3። ተሰብሳቢው ግን በዚህ ማጣፋት ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው ይቀርባል። እስካሁን የተከፈለው 38.0 ስለሆነ ተሰብሳቢው 4.3 ሚሊዮን ነው።

ሁለት የተለያዩ ውሎች ከሆኑ ግን፣ የተለያዩ አሠሪዎችም ይሁኑ አንድ፣ የአንዱ የውል ሀብት ከሌላው የውል ዕዳ ጋር አይጣፋም። ልዩነቱ አብረው ተፈርመው እንደ አንድ ውል የሚቆጠሩ ሲሆኑ ነው። ለሁሉም ውሎች አንድ የጋራ መደብ ብቻ የሚይዝ መዝገብ ይህን በራሱ ያጣፋዋል፤ ስለዚህ ንዑስ መዝገቡ በውል ቁጥር መከፋፈል አለበት።

## እርምጃ 6፦ ርክክብና የመያዣው መለቀቅ

በሦስተኛው ዓመት ቀሪው 13.5 ሚሊዮን ወጪ ወጥቶ ሥራው በ54 ሚሊዮን ተጠናቀቀ። የዓመቱ ገቢ 15.0፣ ትርፉ 1.5 ሚሊዮን ነው። ሰርተፍኬቶቹ 60 ደረሱ፤ መያዣው 6.0 ሚሊዮን ሆነ። ጊዜያዊ ርክክቡ ሲፈረም የመጀመሪያው ግማሽ ቅድመ ሁኔታ ተሟላ።

```
ዴቢት   ተሰብሳቢ ሒሳብ         3.0
       ክሬዲት  የውል ሀብት             3.0
```

ቀሪው 3.0 የት ይቀመጣል? ለዚህ ከውሉ አንቀጽ በቀር መልስ የሚሰጥ የለም። አንቀጹ «ርክክቡ ከተፈረመ 12 ወር ሲሞላው ይከፈላል» የሚል ከሆነ የቀረው የጊዜ ማለፍ ብቻ ነውና ተሰብሳቢ ነው። «ጉድለቶች ሁሉ መታረማቸው ተረጋግጦ የመጨረሻው ርክክብ ሲፈረም ይከፈላል» ከሆነ ግን ተቋራጩ ገና ማሟላት ያለበት ነገር አለ፤ በእኔ ግምት የውል ሀብት ሆኖ ይቆያል። የምሳሌያችን ውል የሁለተኛው ዓይነት ነው።

በእነዚህ 12 ወራት ለሚያጋጥሙ ጥገናዎች የሚጠበቀው ወጪ በርክክቡ ጊዜ በመጠባበቂያነት ይያዛል፤ የምሳሌውን ስሌት ላለማወሳሰብ ዜሮ አድርገነዋል። ተቋራጩ የባንክ ዋስትና አስይዞ መያዣውን በጥሬ ገንዘብ ቀድሞ ከተቀበለ ደግሞ የውል ሀብቱ ይዘጋል፤ የጉድለት ማረሚያ ግዴታው ግን በቦታው ይቆያል።

አሠሪው ከመያዣው ላይ ቀንሶ ሲከፍል ምክንያቱ መለየት አለበት። ጣሪያው ያፈሳል ብሎ 0.4 ሚሊዮን ካስቀረና ተቋራጩ ከተቀበለ ያ የዋጋ ቅናሽ ነው፤ ከገቢ ይቀነሳል። አሠሪው ሥራውን ተቀብሎ፣ ዕዳውን አምኖ፣ ገንዘብ አጥቶ መክፈል ካልቻለ ግን የብድር ኪሳራ ነው፤ ገቢው አይነካም። ሁለተኛውን መምረጥ የገቢውን ቁጥር ስለሚያድን ፈተናው አለ፤ ይሁን እንጂ በጥራት ክርክር የቀረ ገንዘብ በ«አጠራጣሪ ዕዳ» ስም ሊመዘገብ አይገባም።

## እርምጃ 7፦ መዝገቡን ማጣራት

የእያንዳንዱ ውል መዝገብ በየዓመቱ መጨረሻ በአንድ እኩልታ ይፈተናል።

```
እስካሁን ያለ ገቢ = የተከፈለ ገንዘብ + ተሰብሳቢ + የውል ሀብት − የውል ዕዳ
```

በምሳሌያችን የሦስተኛው ዓመት ክፍያ 51.5 ሚሊዮን ደርሷል እንበልና ሦስቱን ዓመታት ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

| በዓመቱ መጨረሻ | 1ኛ ዓመት | 2ኛ ዓመት | 3ኛ ዓመት |
|---|---|---|---|
| እስካሁን ያለ ገቢ | 18.0 | 45.0 | 60.0 |
| ሰርተፍኬት ከመያዣ በፊት | 15.0 | 47.0 | 60.0 |
| ያልተለቀቀ መያዣ | 1.5 | 4.7 | 3.0 |
| የተከፈለ ገንዘብ | 11.0 | 38.0 | 51.5 |
| ተሰብሳቢ | 2.5 | 4.3 | 5.5 |
| የውል ሀብት | 4.5 | 2.7 | 3.0 |

በእያንዳንዱ ዓምድ የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች ተደምረው የመጀመሪያውን ይሰጣሉ። ካልሰጡ በመጀመሪያ የሚፈለገው ታክስ ነው። ሰርተፍኬቶች ታክስን አካትተው ስለሚወጡ በተሰብሳቢውና በክፍያው ውስጥ ይገባል፤ በገቢው ውስጥ ግን የለም። ከዚያ ቀጥሎ የሚፈለገው አሠሪው ከክፍያ ላይ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባው ገንዘብ ነው፤ ያ ለተቋራጩ እንደተከፈለ ይቆጠራል።

እኩልታው ቢስማማም የውል ሀብቱ ቁጥር በወረቀት ይደገፋል። የመያዣው ክፍል ከእያንዳንዱ ሰርተፍኬት ተለቅሞ ከአሠሪው የማረጋገጫ ደብዳቤ ጋር ይነጻጸራል። ያልተለካው ሥራ ክፍል ደግሞ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ በወጣው የመጀመሪያ ሰርተፍኬት ይፈተናል፤ በዚያ ሰርተፍኬት ውስጥ ከዓመቱ መዝጊያ በፊት የተሠራው ሥራ ተለይቶ ከ3.0 ሚሊዮኑ ጋር ይጠጋጋል ወይ? የወጪ ንጽጽርና የመሐንዲሱ ልኬት በትክክል እኩል ባይሆኑም ልዩነታቸው ሊገለጽ ይገባል፤ ለምሳሌ በመጀመሪያ ሥራዎች ላይ በተጫነ ነጠላ ዋጋ።

በአራተኛው ዓመት የመጨረሻው ርክክብ ሲፈረም 3.0 ሚሊዮኑ ወደ ተሰብሳቢ ይዛወራል፤ ሲከፈልም ይዘጋል። በዚያ ዓመት ከዚህ ውል የሚመዘገብ ገቢ የለም። የውሉ ጠቅላላ ትርፍ 60 ሲቀነስ ከመጀመሪያው ዓመት ብክነት ጋር 55፣ 5 ሚሊዮን ሲሆን በሦስቱ ዓመታት 2.0፣ 1.5 እና 1.5 ሆኖ ቀድሞ ተመዝግቧል።